የዩቲዩብ ቻናላችሁ በኮፒራይት ሲመታ፦ ክሌሙን ከስትራይኩ ለይቶ ተቀባይነት ያለው ካውንተር ኖቲፊኬሽን መጻፍ

ደሴ ውስጥ ስቱዲዮ ያለው ሰው ሥራው ዘፈን መቅዳት ብቻ አይደለም። «ቻናሌ ተመታ» የሚል ሰው በየጊዜው ይመጣል። ስልኩን ተቀብዬ ሳይ ብዙው ጨርሶ አልተመታም።

ቪዲዮው አለ፣ ገንዘቡ ግን ለሌላ ሰው ይሄዳል፤ ወይም በአንዳንድ አገር አይታይም። ይህ የኮንቴንት አይዲ ክሌም ነው። ማሽኑ ድምፁን ከሌላ ሰው ቅጂ ጋር አመሳስሎታል፤ ስትራይክ፣ ማለትም በቻናሉ ላይ የሚመዘገብ ቅጣት፣ የለበትም። መፍትሄው ክሌሙን መቃወሚያው ዲስፒዩት ነው፤ ካውንተር ኖቲፊኬሽን እዚህ ቦታ የለውም። ክሌሙን ያቀረበው አመልካች መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። በ5 ቀን ውስጥ ከተከራከራችሁ ከክሌሙ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ያለው ገቢ ተይዞ ይቆያል።

በራሳችሁ ዘፈን ራሳችሁ ክሌም ደረሳችሁ። አከፋፋያችሁ አስመዝግቦታል። ለእሱ ደውሉ።

ቪዲዮው ወርዷል፣ ስትራይክም መጥቷል። እዚህ ሰው በሕግ ጠይቆ አስወርዶታል። ስትራይኩ በ90 ቀን ይነሳል፤ ለዚያ ግን የኮፒራይት ትምህርቱን መጨረስ አለባችሁ። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ቪዲዮውን ማጥፋት ስትራይኩን አያነሳም! ይህን ስንቴ እንደተናገርኩ።

ደጋግሞ የሚመጣብኝ እንዲህ ያለው ነው። አንድ ልጅ በአምባሰል ቅኝት የቆየ የሕዝብ ዜማ በራሱ ድምፅ ተጫወተ። ያንኑ ዜማ ቀድሞ ያወጣ ሰው «የኔ ነው» ብሎ አስወረደበት። ልጁ በንዴት ካውንተር ላከ፤ ተመለሰበት። የጻፈውን አሳየኝ፦ «እባካችሁ ብዙ ለፍቻለሁ፣ ቻናሌን መልሱልኝ፣ ሰው በቅናት ነው ያስመታኝ።» ስም በሚለው ላይ የቻናሉን ስም፣ አድራሻ ላይ «ደሴ» ብቻ ጽፏል።

«ጋሼ፣ እውነቱን እኮ ነው የጻፍኩት» አለኝ። እውነት ነው፤ ግን ልፋት ሕጋዊ ምክንያት አይደለም። ካውንተር ማለት ቪዲዮው በስህተት ወይም ከሌላ ሥራ ጋር ተምታቶ መውረዱን በመሐላ ማረጋገጥ ነው። ሐሰት ከሆነ በሕግ ያስጠይቃል።

ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት አቀናባሪውን ጠየቅነው። ይህችን እርምጃ አትዝለሉ። አንዱን የኪቦርድ ማጀቢያ ለሁለት ለሦስት ዘፋኝ የሚሸጥ አቀናባሪ ሞልቷል። ድምፁ የናንተ ሆኖ ማጀቢያው የሌላ ሰው ቅጂ ከሆነ ካውንተር አትላኩ። ከድሮ ካሴት ገልብጦ የጫነ ሰውም «ዜማው የወሎ ሕዝብ ነው» ይለኛል። ዜማው የሕዝብ ይሁን፤ የካሴቱ ቅጂ ግን ባለቤት አለው። እንዲህ ያለው ሰው ባለመብቱን ይለምን፣ አቤቱታውን እንዲያነሳለት።

የልጁ ማጀቢያ ግን እኛው ዘንድ በክራርና በማሲንቆ የተቀዳ ነበር። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብተን ከወረደው ቪዲዮ አጠገብ Submit counter notification የሚለውን ከፈትን። ስሙን መታወቂያው ላይ እንዳለው ሙሉውን ጻፈ፤ ፊርማ ሆኖ የሚያገለግለውም እሱ ነው። አድራሻው ላይ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር፣ ከዚያም ስልክ ገባ። ምክንያቱን እንዲህ አሳጠርነው፦

«በቪዲዮው የምዘፍነው እኔ ነኝ። ክራሩንና ማሲንቆውን የተጫወቱት አብረውኝ የተቀዱ ባለሙያዎች ናቸው። ዜማው ደራሲው የማይታወቅ የቆየ የሕዝብ ዜማ ነው፤ ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከአመልካቹ ቅጂ የተወሰደ ድምፅ የለም።»

ቅናት የለም፣ ልመና የለም። የማን ሥራ እንደሆነና ስህተቱ የት እንዳለ ብቻ። ከሥር ያሉትን የመሐላ ቃሎች አንብቡ። ከአሜሪካ ውጭ የምንኖር ሰዎች ዩቲዩብ ባለበት አካባቢ ያለውን የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን እንቀበላለን እያልን ነው። አመልካቹ ክስ ከመሠረተም መጥሪያውን እንቀበላለን ማለት ነው።

ሌላም አለ። ካውንተሩ ከነስማችሁና ከነአድራሻችሁ ለአመልካቹ ይደርሳል። ቤቷ እንዲታወቅ የማትፈልግ ዘፋኝ በጠበቃ በኩል ታስገባ።

ዩቲዩብ ካውንተሩን ተቀብሎ ለአመልካቹ ሲያስተላልፍ 10 የሥራ ቀን ይቆጠራል። ቆጠራው በአሜሪካ የሥራ ቀን ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ አይገቡም፤ ወደ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። የኛ መስቀልና መውሊድ ግን አያስቆመውም። በዚያ ጊዜ አመልካቹ ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል፣ ስትራይኩም ይነሳል። የልጁም እንዲሁ ሆነ፤ ሰውዬው ዝም አለ። እስከዚያ ድረስ ቪዲዮውን በሌላ ስም መልሳችሁ አትጫኑ፤ ሁለተኛ ስትራይክ ይጋብዛል።