ሱቁ አትራፊ ነው፤ ብሩ ግን የት ገባ?

ዓመቱ አልቆ ሂሳብ ሠራተኛው «ዘንድሮ 600,000 ብር አትርፈሃል» ይላል። ባለሱቁ ግን የሐምሌን ኪራይ ለመክፈል ብር እያፈላለገ ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ትርፍ አንድ ነገር ነው፣ የዛሬን ዕዳ ዛሬ መክፈል መቻል ሌላ ነገር። ሁለቱን ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል፤ መለኪያዎቹም መቀነስና ማካፈል ለሚችል ሰው ከባድ አይደሉም።

ለማሳያ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር እንውሰድ። ሲሚንቶ፣ የአርማታ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ቀለምና ሴራሚክ ይሸጣል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተዘጋጁ ናቸው፤ እናንተ በየቦታው የራሳችሁን አስገቡ።

መጀመሪያ አንድ ቀን ምረጡ

ሰኔ 30 ይሁን። በዚያ ቀን ማታ ያላችሁን ጻፉ። መደብሩ በእጅና በባንክ 300,000 ብር፣ ደንበኞች በዱቤ የወሰዱበት 1,500,000፣ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ ደግሞ በተገዛበት ዋጋ 3,200,000 አለው። በድምሩ 5,000,000 ብር። መደርደሪያውንና የጭነት መኪናውን እዚህ አታስገቡ። የምንፈልገው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ብር የሚለወጠውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ በ12 ወር ውስጥ መከፈል ያለበትን ዕዳ ጻፉ። ለአቅራቢዎች 1,600,000፣ ለቫትና ለሌላ ግብር 250,000፣ ከባንክ ብድሩ በመጪው ዓመት የሚከፈለው ዋና ገንዘብ 650,000። ድምሩ 2,500,000 ነው። ብዙ ሰው የባንኩን ብድር በሙሉ «የረጅም ጊዜ ነው» ብሎ ይተወዋል። በመጪው አንድ ዓመት የሚከፈለው ክፍል ግን የአጭር ጊዜ ዕዳ ነው፣ እዚህ መግባት አለበት።

አሁን አካፍሉ

5,000,000 ለ2,500,000 ሲካፈል 2 ይመጣል። ለእያንዳንዱ የአንድ ብር ዕዳ 2 ብር አለ ማለት ነው። ባንክ ቤት ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል። እኔ ግን ይህን ቁጥር ብቻውን አላምነውም። መጋዘን ውስጥ የተቆለለ ሴራሚክም፣ ስልክ የማያነሳ ተቋራጭ ያለበት ዱቤም፣ ባንክ ያለው ብርም እኩል ተቆጥረውበታል።

ስለዚህ ዕቃውን አውጡና እንደገና አካፍሉ። ብርና ዱቤ ብቻ 1,800,000 ነው። ለ2,500,000 ሲካፈል 0.72። አቅራቢዎቹም ግብር ሰብሳቢውም ባንኩም ነገ ተሰብስበው ቢመጡና ዱቤው ሁሉ ቢሰበሰብ እንኳ ከአንድ ብር ዕዳ የሚከፈለው 72 ሳንቲም ነው። ዳቦ ቤት ቢሆን አልጨነቅም ነበር፣ የጠዋቱ ዳቦ ማታ ብር ሆኗል። ዕቃው ወራት በሚቀመጥበት ንግድ ግን ከ1 በታች መሆን የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

ከዚያ ዝርዝሩን አጽዱ

ብዙዎች ይህን ሥራ ይዘሉታል፣ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። የዱቤ ደብተሩን ክፈቱና ከእያንዳንዱ ስም ጎን ዕዳው ስንት ቀን እንደሆነው ጻፉ። በምሳሌያችን 400,000 ብሩ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ነው። መጋዘኑንም ዞራችሁ እዩ። እርጥበት ያደረቀው ሲሚንቶ፣ ጊዜው ያለፈ ቀለም፣ ፋሽኑ ያለፈና ቁጥሩ የጎደለ ሴራሚክ 700,000 ብር ተመዝግቦበታል እንበል። ሁለቱን ለጊዜው እንደሌሉ ቁጠሯቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ከ2 ወደ 1.56፣ ሁለተኛው ከ0.72 ወደ 0.56 ወረደ።

ብሩ የት እንደታሰረ ለማወቅ ደግሞ ቀን ቁጠሩ። የመደብሩ የዓመት ሽያጭ 12,000,000፣ የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ 9,600,000 ነው። ያለውን ዕቃ 3,200,000 ለ9,600,000 አካፍላችሁ በ365 ስታባዙ 122 ቀን ይሆናል። ዱቤውንም እንዲሁ፤ ግን በዱቤ ለተሸጠው ብቻ አካፍሉ፣ በካሽ የተሸጠውን ከቀላቀላችሁ ቁጥሩ ያታልላል። በዱቤ የተሸጠው ከነቫቱ 4,600,000 ከሆነ 119 ቀን ይመጣል። ደንበኛው ያለበት ዕዳ ቫትን ስለሚጨምር ሽያጩም ቫት ይጨምር። እንግዲህ በዱቤ የሚሸጥ ዕቃ ብሩ እስኪመለስ በአማካይ 241 ቀን ይፈጃል፣ ስምንት ወር ማለት ነው። አቅራቢው ስምንት ወር የማይጠብቅ ከሆነ ልዩነቱን የሚሸፍነው ወይ ባንክ ነው ወይ የባለሱቁ ኪስ።

አሁን ወደ ትርፉ

ከ12,000,000 ሽያጭ ላይ 9,600,000 ሲቀነስ ጠቅላላ ትርፉ 2,400,000፣ ከሽያጩ 20 በመቶ ነው። ኪራይ 720,000፣ ደመወዝ 600,000፣ ወለድ 280,000፣ ሌላ ወጪ 200,000 ሲወጣ 600,000 ይቀራል። ከግብር በፊት 5 በመቶ።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ባለሱቁ ደመወዝ አስቦ ያውቃል? ዓመቱን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ነው የዋለው። በእሱ ቦታ በወር 25,000 ብር የሚከፈለው ሰው ቢቀመጥ 300,000 ይወጣ ነበር። የንግዱ እውነተኛ ትርፍ እንግዲህ 2.5 በመቶ ነው። ባለሱቁ በንግዱ ውስጥ ያለው የራሱ ገንዘብ 3,000,000 ከሆነ፣ ገንዘቡ በዓመት 10 በመቶ ነው ያስገኘለት።

ሁለተኛ፣ ዕቃው የተገዛው በየትኛው ዋጋ ነው? ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በድሮ ዋጋ የገባ ብረት የያዘ ሰው በአዲስ ዋጋ ሸጦ 40 በመቶ አተረፍኩ ሊል ይችላል። ያንኑ ብረት መልሶ ሲገዛ ግን ትርፍ ነው ያለው ብር ተመልሶ እዚያው ይገባል። ዋጋ በሚንርበት ወቅት የተሸጠውን ዕቃ ዛሬ በሚገዛበት ዋጋ አስባችሁ ትርፉን አንዴ ደግማችሁ አስሉ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ የሚከፈለው ወለድ በትርፍና ኪሳራው ውስጥ ወጪ ሆኖ ይታያል። ዋናው ብድር ሲመለስ ግን አይታይም። መደብሩ 600,000 አትርፎ ለባንኩ 650,000 ዋና ገንዘብ መመለስ አለበት። የቤት አስቤዛና የትርፍ ግብር ገና አልተነኩም። ብሩ የሚሄደው እዚያ ነው፤ የቀረው ደግሞ በዱቤና በሴራሚክ ተይዟል።

ምን ይደረግ?

የማይሸጠውን የ700,000 ብር ዕቃ 450,000 እንኳ ካወጣ ሽጦ ለአቅራቢዎች መክፈል ይቻላል። ዕዳው ወደ 2,050,000 ይወርዳል። የጸዳው የመጀመሪያ ቁጥር ከ1.56 ወደ 1.90፣ ዕቃ የሌለበት ደግሞ ከ0.56 ወደ 0.68 ይወጣል። በሌላ በኩል 250,000 ብር ኪሳራ ይመዘገብና የዓመቱ ትርፍ ይቀንሳል። ብር ላጠረው መደብር ይህን እመርጣለሁ፤ ኪሳራው ዕቃው ፋሽኑ ባለፈበት ቀን ደርሷል፣ ደብተሩ ነው የዘገየው። ቀጥሎ ባንኩን የብድሩ ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅ ነው። ይህን ግን ክፍያ ከማሳለፋችሁ በፊት ጠይቁ፣ ካለፈ በኋላ ንግግሩ ሌላ ነው።

ቁጥሮቹን የጎረቤት ሱቅ ጋ ከማወዳደር የራሳችሁ ያለፉ ሩብ ዓመታት ጋ ማወዳደር ይሻላል። የሕንፃ ዕቃ ንግድ በክረምት ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ሰኔ 30 ብቻውን የዓመቱን መልክ አያሳይም። በመስከረም፣ በታህሳስና በመጋቢት መጨረሻም ያንኑ ሥሩ። የዘንድሮን መስከረም ከአምናው መስከረም ጋር አስተያዩ። ዕቃ የሌለበት ቁጥር በተከታታይ ሦስት ሩብ ዓመት ከወረደ፣ ሽያጩ ቢጨምርም እንኳ፣ አዲስ ዱቤ መስጠት አቁሙ።