ትርፍ እያለ ላስቲክ መቀየሪያ ሲጠፋ፦ የግሪንሃውስ ትንበያ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ትንበያው በየዓመቱ ትርፍ ያሳያል፣ የባንክ ብድሩም በወቅቱ የሚከፈል ይመስላል። ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ግን ላስቲኩ ተቀዷል፤ መቀየሪያ ገንዘብ የለም።

መራዊ አካባቢ በ1,000 ካሬ ሜትር ላይ ቲማቲም የሚያመርት ግሪንሃውስ እንውሰድ (ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ ግብር አልገባም)። ጠቅላላ ወጪው 2,400,000 ብር ነው። ሁሉም “ግሪንሃውስ” ተብሎ በአንድ መስመር ገብቶ ለ15 ዓመት ተካፈለ። የዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ 160,000 ብር፣ ትርፉ 190,000 ብር ሆነ።

መንስኤ፦ 15 ዓመት የሚቆየው ብረቱ ብቻ ነው። ላስቲኩን ፀሐይ ይበላዋል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰነጠቀውም የጋለ ብረት በሚነካበት መስመር ላይ ነው። ድኝ ያለበት መድኃኒት የሚረጭ ከሆነ ዕድሜው ይበልጥ ያጥራል።

መፍትሄ፦ ንብረቱን በዕድሜው ይከፋፍሉት። ብረቱ 1,500,000 ብር ለ15 ዓመት፣ ላስቲኩ 360,000 ለ3 ዓመት፣ የጠብታ መስኖ ቱቦው 240,000 ለ4 ዓመት፣ ፓምፑና ታንከሩ 300,000 ለ10 ዓመት ይካፈል። የዓመቱ ተቀናሽ 310,000 ይሆናል፤ ትርፉ ወደ 40,000 ይወርዳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ያቆማሉ፤ ዋናው ስህተት ግን ገና አልተነካም። እርጅና ከካዝና የሚወጣ ገንዘብ ስላልሆነ በሁለቱም ስሌት ከሥራው የሚገባው 350,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የብድር ዋናው 250,000 ሲከፈል በዓመት 100,000፣ በሦስት ዓመት 300,000 ይቀራል። ላስቲኩ በድሮ ዋጋው እንኳ ቢገዛ 60,000 ይጎድላል። ዋጋው በዓመት 15 በመቶ ቢጨምር መቀየሪያው 547,500 ገደማ ስለሚሆን ጉድለቱ ወደ 247,500 ያድጋል። ስለዚህ መቀየሪያውን በጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ የካፒታል ወጪ መስመር ላይ፣ በሚገዛበት ዓመት ዋጋ ያስገቡት፦

```
=IF(MOD(D$2,$C5)=0,$B5*(1+$B$1)^D$2,0)
```

D2 የዓመቱ ቁጥር፣ C5 ዕድሜው፣ B5 የዛሬ ዋጋው፣ B1 የዋጋ ጭማሪው ነው። ከ4ኛው ዓመት ጀምሮ የአሮጌው ላስቲክ ተቀናሽ ይቆማል፤ የአዲሱ 182,500 ይጀምራል። ጉድለቱን ለመዝጋት ከባንኩ ጋር መነጋገር የሚሻለው ብድሩ ከመፈረሙ በፊት ነው፤ የዋናው ክፍያ ረዘም ባለ ጊዜ እንዲከፋፈል ይጠይቁ።

ምልክት፦ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ሁለት ጎን አይገጥምም፤ ልዩነቱም ልክ 310,000 ነው።

እርጅናው ከትርፉ ተቀንሷል፣ በጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ ግን ተመልሶ አልተደመረም። ይደምሩት። ልዩነቱ በየዓመቱ በዚያው ዓመት የእርጅና ተቀናሽ ልክ እየጨመረ ከሄደ መንስኤው ይህ ለመሆኑ ጥሩ ማረጋገጫ ነው።

ለግብር የሚሠራው ስሌት ሌላ ነው። በደንብ ቁጥር 410/2009 ግሪንሃውስ በዓመት 10 በመቶ ይቀነስለታል፤ ስለዚህ የግብሩን ሠንጠረዥ ለብቻው ይያዙ።