የእህትማማቾቹ ፊት እንዳይደባለቅ ያደረግሁት

በየአገሩ የተበተኑ ሦስት እህትማማቾችን በአንድ ምስል ለማሰባሰብ የየራሳቸውን ፎቶግራፍ በምስል መፍጠሪያው ComfyUI ውስጥ የፎቶግራፍን መልክ ወደ አዲስ ምስል ወደሚያስተላልፈው IP-Adapter ሳስገባ፣ የታላቂቱ አፍንጫ ታናሺቱ ላይ ይወጣ ነበር። የሦስቱም ፊት መረጃ በመላው ምስል ላይ ስለሚሠራ፣ የማን ፊት የት እንደሚያርፍ ሞዴሉ አያውቅም። የ IP-Adapterን ክብደት መቀነስ ደግሞ ማንንም የማይመስል ፊት ይሰጣል።

ለእያንዳንዳቸው የተለየ ጭምብል ሠራሁ፤ የራሷ ቦታ ነጭ፣ ቀሪው ጥቁር። ከዚያ በየራሷ IP-Adapter ላይ ካለው `attn_mask` ጋር አገናኘሁት። ጭንቅላቶቹ ሲነካኩ ድንበሩ ላይ መቀላቀሉ ስላልቀረ በጭምብሎቹ መካከል ክፍተት ተውሁ። በመጨረሻም እያንዳንዱን ፊት ለብቻው፣ በባለቤቱ ፎቶግራፍ ብቻ፣ ምስሉ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚወስነውን `denoise` ዝቅ አድርጌ እንደገና አሠራሁት።

እህትማማቾች ድሮም ስለሚመሳሰሉ ዐይን አይታመንም። ስለዚህ እያንዳንዱን አዲስ ፊት በፊት መለያ ሞዴል ከሦስቱም ዋና ፎቶግራፎች ጋር አነጻጸርሁ፤ ከባለቤቱ ይልቅ ለእህቷ የቀረበውን ጥዬ ደገምሁት።