ውድቅ የሆነ ተጫራች አሸናፊውን ሲቀይር፦ የጨረታ ማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ችግሮችና መፍትሔዎች

ከዚህ በታች የተገለጹት ችግሮች የቴክኒክና የፋይናንስ ነጥቦችን በክብደት አባዝቶ ደረጃ በሚያወጣ የኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ የሚያጋጥሙ ናቸው። ለማሳያ የወሰድነው ሠንጠረዥ በአምድ B የቴክኒክ ነጥብ፣ በC የቀረበውን ዋጋ፣ በD ብቁ ወይም ውድቅ መሆንን፣ በE የፋይናንስ ነጥብን፣ በF ድምሩን፣ በG ደግሞ ደረጃውን ይይዛል። የቴክኒክ ክብደት 70 በመቶ፣ የፋይናንስ 30 በመቶ ሲሆን፣ የቴክኒክ ማለፊያ ነጥቡ ከ100 65 ነው።

ምልክት፦ ውጤቱ በእጅ ሲሰላ አሸናፊው ሌላ ይሆናል

ተጫራች ሀ በቴክኒክ 85 አግኝቶ 1,000,000 ዋጋ አቀረበ፤ ተጫራች ለ 78 አግኝቶ 800,000 አቀረበ፤ ተጫራች ሐ ደግሞ 60 ብቻ በማግኘቱ ወደቀ፣ ዋጋው ግን 400,000 ነበር። ሠንጠረዡ ሀን በ71.5 አንደኛ፣ ለን በ69.6 ሁለተኛ ያደርጋል። ሐ ተገቢውን «ውድቅ» የሚል ምልክት ስላገኘ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል።

መንስኤው ያለው በፋይናንስ ነጥብ ቀመር ውስጥ ነው። ነጥቡ የሚሰላው ዝቅተኛውን ዋጋ ለእያንዳንዱ ተጫራች ዋጋ አካፍሎ በ100 በማባዛት ሲሆን፣ ዝቅተኛው ዋጋ የሚፈለገው በ`MIN` ከሙሉው አምድ ከሆነ የወደቀው የሐ 400,000 መነሻ ይሆናል። በዚህም የሀ የፋይናንስ ነጥብ 40፣ የለ 50 ስለሚሆን፣ በዋጋ መካከላቸው የነበረው የ20 ነጥብ ልዩነት ወደ 10 ይወርዳል፤ በቴክኒክ የሚበልጠውም ያለአግባብ ይጠቀማል። ሐ ከውድድሩ ቢወጣም ዋጋው አልወጣም ማለት ነው። ትክክለኛው መነሻ ከብቁዎቹ ዝቅተኛው፣ ማለትም 800,000 ሲሆን፣ ያኔ ለ 84.6፣ ሀ 83.5 ያገኛሉ፤ አሸናፊውም ለ ነው።

ቴክኒክና ፋይናንስ በተለያየ ፖስታ በሚቀርቡበት ጨረታ ይህ ስህተት ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። በቴክኒክ የወደቀው ተጫራች የፋይናንስ ፖስታ ስለማይከፈት ዋጋው የሚጻፍበት ሴል ባዶ ይቀራል፣ `MIN` ደግሞ ባዶ ሴልን ይዘላል። ያው ሠንጠረዥ ሁለቱም ሰነዶች በአንድ ፖስታ ለቀረቡበት ጨረታ ሲውል ነው ጉዱ የሚወጣው።

መፍትሔው ዝቅተኛውን ዋጋ ከብቁዎቹ መካከል ብቻ መፈለግ ነው። በረድፍ 2 የሚገቡት ቀመሮች የሚከተሉት ናቸው፤ ከዚያ ወደ ታች ይቀዳሉ።

```
D2: =IF(B2>=65,"ብቁ","ውድቅ")
E2: =IF(D2="ብቁ",100*MINIFS($C$2:$C$4,$D$2:$D$4,"ብቁ")/C2,"")
F2: =IF(D2="ብቁ",0.7*B2+0.3*E2,"")
G2: =IF(F2="","",RANK(F2,$F$2:$F$4))
```

ለወደቀው ተጫራች በF ውስጥ 0 ሳይሆን ባዶ ጽሑፍ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ 0 ቢሰጠው `RANK` እንደ ተወዳዳሪ ቆጥሮ የመጨረሻውን ደረጃ ይሰጠዋል፣ የወደቀ ተጫራች ደግሞ ደረጃ ሊኖረው አይገባም። `MINIFS` ከኤክሴል 2019 በፊት በነበሩት እትሞች ስለሌለ፣ እዚያ `=IF(D2="ብቁ",C2,"")` የሚል አጋዥ አምድ ሠርቶ `MIN`ን በዚያ አምድ ላይ መጠቀም ይቻላል። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፦ የሐን ዋጋ ወደ 1 ቀይራችሁ የሌሎቹ ነጥብ ንቅንቅ ካላለ ቀመሩ ተስተካክሏል።

ምልክት፦ የፋይናንስ ነጥብ ከ100 ይበልጣል

ለ 125 አግኝቶ ካያችሁት፣ ዋጋው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ መግባቱን ጠርጥሩ፤ ከሌላ ሰነድ ተገልብጦ ሲለጠፍ ይህ የተለመደ ነው። `MINIFS` ጽሑፉን ስለሚዘለው የሀን 1,000,000 ዝቅተኛ ብሎ ይወስዳል፤ የማካፈል ምልክቱ ግን ያንኑ ጽሑፍ በራሱ ወደ ቁጥር ለውጦ ያሰላዋል። አንዱ ሥራ የናቀውን ሌላው ስለሚቀበለው የስህተት መልእክት አይወጣም። `=ISNUMBER(C3)` ውጤቱ `FALSE` ከሆነ ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ ዋጋውን ከዋናው የዋጋ ማቅረቢያ ላይ እያያችሁ በእጅ እንደገና መጻፍ ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ሴሉ አስቀድሞ በጽሑፍ ቅርጽ ከተቀመጠ ግን መጀመሪያ ቅርጹን ወደ ቁጥር መቀየር ያስፈልጋል።

ምልክት፦ 65 ያገኘ ተጫራች «ውድቅ» ይባላል

ሴሉ ያለ አስርዮሽ እንዲያሳይ ስለተደረገ 64.6 በስክሪኑ ላይ 65 ሆኖ ይታያል፣ ቀመሩ ግን የሚያነጻጽረው ትክክለኛውን 64.6 ነው። ሁለት አስርዮሽ እንዲታይ ማድረግ ግራ መጋባቱን ያስቀራል። `ROUND` መጠቀም የሚገባው ነጥብ እንደሚጠጋጋ የጨረታ ሰነዱ አስቀድሞ ከገለጸ ብቻ ነው፤ ፖስታ ከተከፈተ በኋላ ማጠጋጋት የወደቀን ተጫራች ማሳለፍ ስለሆነ፣ ለቅሬታ በር የሚከፍተው ከቀመሩ ይልቅ ይህ ነው።