ሞተሩ እዝዝ ማለቱን እንዴት አቆምኩት

አንዲት ትንሽ የዲሲ ሞተር በስላይዲንግ ሞድ ኮንትሮል፣ ማለትም ሙሉ ቮልቴጅን ወዲያና ወዲህ በሚገለባብጥ ዘዴ፣ ወደ ተፈለገው ማዕዘን ላዞር ነበር። በሲሙሌሽን ሁሉም ነገር አማን ነው። እውነተኛው ሞተር ግን ቦታው ላይ ደርሶም እዝዝ ይላል፤ ድራይቨሩም ይግላል። ቻተሪንግ የሚሉት ይሄ ነው። ያስጠላል!

መጀመሪያ `K`ን፣ ማለትም ለሞተሩ የሚሰጠውን የቮልቴጅ መጠን፣ ቀነስኩት። ድምፁ ረገብ አለ፤ ግን ጭነት ስጨምር ሞተሩ ቦታውን ሳተ። የዘዴው ጥንካሬ የሚመጣው `K` ከሚገምቱት ረብሻ ሁሉ ሲበልጥ ነውና እሱን መንካት አያዋጣም።

ከዚያ `s`ን፣ ማለትም የማዕዘንና የፍጥነት ስህተቱን ደምሮ የቮልቴጁን አቅጣጫ የሚወስነውን እሴት፣ በግራፍ አየሁት። የሞተሩን መዞር የሚለካው ኢንኮደሬ በዙር 2000 ምት ይሰጣል፣ የማነበው በየ1 ሚሊሰከንዱ ነው። ስለዚህ አንዲት ምት ብቻ ፍጥነቱን በ3.14 ራድ/ሰ ታዘልለዋለች። የ`s` ምልክት ተገለበጠ ማለት ሙሉው ቮልቴጅ ተገለበጠ ማለት ነው።

ፍጥነቱን በ10 ናሙና አማከልኩት፤ ዝላዩ ወደ 0.31 ወረደ። የ`s`ን ምልክት ብቻ የሚያየውን `sign`ንም ከ-1 እስከ 1 ቀስ በቀስ በሚለወጠው `sat` ተካሁት፤ `e` ያለው ማዕዘን ሲቀነስ የተፈለገው፣ `de` ደግሞ የ`e` የለውጥ ፍጥነት ነው፦

```
s = de + 20*e
u = -K*sat(s/0.5)
```

ድምፁ ጠፋ። ዋጋ አለው፤ `s` በ0.5 ውስጥ ከቆየ ስህተቱ እስከ 0.5/20 = 0.025 ራዲያን፣ ማለትም 1.4 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይችላል። ለኔ ሥራ ይበቃል። ማማከሉን ከዚህ በላይ ባበዛው ግን መዘግየቱ ራሱ ንዝረቱን ይመልሰዋል።