ስለ ሳይካትሪ ነርሶች በርንአውት የጉባኤ አብስትራክት እንዴት ይጻፋል?

የጉባኤ አብስትራክት ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 ቃል ብቻ ይፈቀድለታል። አብዛኛው ጸሐፊ ታዲያ ሲሶውን በመግቢያ ይጨርሰዋል። በርንአውት አሳሳቢ መሆኑን፣ ነርስ ብዙ ጫና እንዳለበት ይተርካል። ገምጋሚው ይህን ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው እናንተ ምን እንዳገኛችሁ ነው። ስለዚህ ከመሀል ጀምሩ፦ መጀመሪያ ዘዴውን፣ ቀጥሎ ውጤቱን፣ ከዚያ መደምደሚያውን ጻፉ። መግቢያና ርዕስ መጨረሻ ይደርሳሉ።

ለማሳያ አንድ ጥናት እንፍጠር። ቁጥሮቹ የፈጠራ ናቸው፤ የትም እንዳትጠቅሷቸው። በመሀል አዲስ አበባ ባሉ ሁለት ሆስፒታሎች በሳይካትሪ ክፍል የሚሠሩ 150 ነርሶች መጠይቅ ተሰጣቸው። 132ቱ ሞልተው መለሱ። ጥያቄው የናይት ዲዩቲ ብዛት ከበርንአውት ጋር ይያያዛል ወይ የሚል ነው።

1. የለካችሁትን በትክክል ጥሩት

በዚህ ዘርፍ በብዛት የሚሠራበት መለኪያ የማስላክ በርንአውት ኢንቬንተሪ ነው። 22 ጥያቄዎች አሉት። ዘጠኙ የስሜት መሟጠጥን ይለካሉ። አምስቱ ታካሚን እንደ ዕቃ ማየት መጀመርን፣ ስምንቱ ደግሞ በሥራ ውጤታማነት የሚሰማን እርካታ ይለካሉ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0፣ ማለትም «በጭራሽ»፣ እስከ 6፣ ማለትም «በየቀኑ»፣ ይመለሳል።

ሦስቱን ደምራችሁ አንድ ቁጥር አታውጡ። ሦስተኛው ክፍል በተቃራኒው ነው የሚነበበው፤ ዝቅተኛ ነጥብ ነው መጥፎው። አብስትራክቱ «68 በመቶው በርንአውት አለባቸው» ብሎ ዝም ካለ፣ ልምድ ያለው ገምጋሚ የመጀመሪያ ጥያቄው «በየትኛው ክፍል? በየትኛው መቁረጫ?» ነው።

መቁረጫውም የራሱ ጣጣ አለው። ለስሜት መሟጠጥ ከ54ቱ 27 እና ከዚያ በላይ ማግኘት «ከፍተኛ» ሲባል ኖሯል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የመለኪያው አራተኛ መመሪያ ግን እነዚህን መቁረጫዎች አስቀርቷቸዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ስጡ፦ አማካዩንም፣ መቁረጫ ከተጠቀማችሁ ደግሞ የትኛው እንደሆነም።

2. ዘዴው

እዚህ ቃል መቆጠብ ያስጎዳል። መቼ፣ የት፣ እነማን፣ በምን ተለካ፣ እንዴት ተተነተነ። የእኛ ማሳያ እንዲህ ይሆናል፦

«ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሁለት ሆስፒታሎች ክሮስ ሴክሽናል ጥናት ተካሄደ። በሳይካትሪ ክፍል ቢያንስ ስድስት ወር የሠሩ 150 ነርሶች በሙሉ ተጋበዙ። በርንአውት ወደ አማርኛ በተተረጎመና ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ በተተረጎመ የማስላክ መጠይቅ ተለካ። በስሜት መሟጠጥ 27 እና ከዚያ በላይ ‹ከፍተኛ› ተባለ። በወር ስምንትና ከዚያ በላይ ናይት የሠሩ ከሌሎቹ ጋር ተነጻጸሩ። የሥነ ምግባር ፈቃድ ተገኝቷል።»

ለውጭ ጉባኤ ከላካችሁ ቀኑን ቀይሩ። መጋቢት 2016 ያላችሁት ለእነሱ መጋቢት 2024 ነው፤ ካልቀየራችሁት የስምንት ዓመት አሮጌ መረጃ የላካችሁ ይመስላቸዋል።

የሆስፒታሉን ስም መተው ብቻውን ሰው አይደብቅም። «መርካቶ አቅራቢያ ያለው አንጋፋ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ አማኑኤል መሆኑን ታክሲ ረዳቱም ያውቃል። ችግሩ ያን ጊዜ ሳይሆን፣ ከዚያ ላይ «በሴቶች ተኝቶ መታከሚያ ክፍል የሚሠሩ አራት ወንድ ነርሶች» ስትሉ ይመጣል። አራቱን ሰዎች አለቃቸው በስም ይጠራቸዋል። ጥቂት ሰው ያለበትን ቡድን ከሌላው ጋር አዋህዱት።

3. ውጤቱ

ብዙ አብስትራክት የሚሰናከለው እዚህ ነው። ከ132ቱ 58ቱ ከፍተኛ የስሜት መሟጠጥ አላቸው እንበል፤ 44 በመቶ ማለት ነው። 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ35 እስከ 52 ይደርሳል። አሁን በናይት እንከፋፍለው። ብዙ ናይት ከሚሠሩት 60 ነርሶች 36ቱ፣ ማለትም 60 በመቶው፣ ከፍተኛ ናቸው። ከሌሎቹ 72 ደግሞ 22ቱ፣ ማለትም 31 በመቶው።

አገራችን የጤና ጥናቶች ላይ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የተለመደ ስለሆነ፣ ሶፍትዌሩ ኦድስ ሬሾ ይሰጣችኋል፤ በአንዱ ቡድን ከፍተኛ የሆኑትን ከፍተኛ ላልሆኑት አካፍሎ፣ ያንን ለሌላው ቡድን ተመሳሳይ ቁጥር የሚያካፍል ነው። እዚህ ላይ ያልተስተካከለው ኦድስ ሬሾ 3.4 ነው። ጸሐፊውም ቀጥ ብሎ «ናይት የሚበዛባቸው ነርሶች በበርንአውት የመያዝ ዕድላቸው 3.4 እጥፍ ነው» ይላል። ስህተት ነው። 60ን ለ31 አካፍሉ፤ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ኦድስ ሬሾ ወደ እጥፍ የሚጠጋው ነገሩ ብርቅ ሲሆን ብቻ ነው። ግማሽ ያህሉ ሰው ላይ የሚታይ ነገር ሲሆን ግን ያጋንናል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጥሬ ቁጥሮቹን አስቀድሙ፦

«132 ነርሶች መልሰዋል (88 በመቶ)። የስሜት መሟጠጥ አማካይ ነጥብ 25.4 ሲሆን፣ 58ቱ (44 በመቶ) ከፍተኛ ነበሩ። በወር ስምንትና ከዚያ በላይ ናይት ከሠሩት 36ቱ ከ60 (60 በመቶ)፣ ከሌሎቹ 22ቱ ከ72 (31 በመቶ) ከፍተኛ ነበሩ (ያልተስተካከለ ኦድስ ሬሾ 3.4፤ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ1.7 እስከ 7.0)።»

የኢንተርቫሉን ስፋት ልብ በሉ። ከ1.7 እስከ 7.0 ማለት ግንኙነት ያለ ይመስላል፣ መጠኑን ግን ገና አናውቅም ማለት ነው። ፒ ቫልዩ ብቻ ብትጽፉ ይህ ይደበቃል። ዕድሜንና የሥራ ልምድን ያስገባ ትንተና ከሠራችሁ የተስተካከለውን ቁጥር ጨምሩ፤ ምን ምን እንዳስገባችሁም ተናገሩ።

4. መደምደሚያው

ጥናቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው የጠየቀው። ስለዚህ «ናይት በርንአውት ያመጣል» ማለት አትችሉም። ምናልባት የቀኑ ግርግር ያሰለቸው ነርስ ራሱ ናይት ይለምን ይሆናል። ከሁሉ በላይ የተሟጠጡት ደግሞ ሥራ ለቀው ሄደው ሊሆን ይችላል፤ መጠይቁ አላገኛቸውም። ያልመለሱት 18ቱም እነማን እንደሆኑ አይታወቅም። አንድ ዓረፍተ ነገር ለዚህ ስጡ።

በርንአውትን በሽታም አታድርጉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ እንጂ ሕመም ብሎ አይደለም። «በበርንአውት የተያዙ ታካሚ ነርሶች» የሚል ሐረግ እዚህ ላይ ይወድቃል።

«የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ይስጡ» የሚለውን አውጡት፤ ከየትኛውም መረጃ ሊወጣ የሚችል ምክር ነው። በምትኩ፦

«በወር ስምንትና ከዚያ በላይ ናይት መሥራት ከከፍተኛ የስሜት መሟጠጥ ጋር ተያይዟል። ጥናቱ መንስኤን አያሳይም፤ ሥራ የለቀቁ ነርሶችንም አላካተተም። የናይት ብዛትን የሚገድብ የዲዩቲ ድልድል በክትትል ጥናት ቢፈተሽ ይጠቅማል።»

5. መግቢያና ርዕስ

ለመግቢያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ አንዱ የማይታወቀውን ነገር፣ ሌላው ዓላማውን ይናገር። ርዕሱ ውስጥ የጥናቱ ዓይነትና ቦታው ይግቡ። «ተጽዕኖ» የሚል ቃል ካለ «ግንኙነት» በሉት።

ከመላካችሁ በፊት ጥናቱን ለማያውቅ ባልደረባ ወረቀቱን ስጡና ቁጥሮቹን በካልኩሌተር ይደምር። 36 እና 22 ተደምረው 58፣ 60 እና 72 ተደምረው 132 ካልመጡ፣ ወደ መረጃው ተመለሱ።