የምንዛሪ ደረሰኝ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው

ከደሴም ተነሱ ከኮምቦልቻ ወይ ከወልዲያ፣ ዱባይ እንደገባችሁ ዶላር ወደ ድርሃም ስትመነዝሩ አንዲት ብጣሽ ደረሰኝ ትሰጣችኋለች። ቁጥር በቁጥር ናት። አብሽሩ፣ አታስቸግርም።

መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ሁለት ዋጋዎች እንለይ። ባይንግ ሬት መግዣ ነው፣ ሴሊንግ ሬት መሸጫ። ግን ገዢውም ሻጩም መንዛሪው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። የባቲ የሰኞ ገበያ ነጋዴ ፍየሏን በገዛበት ዋጋ መልሶ እንደማይሸጣት ሁሉ፣ እሱም ዶላራችሁን በዝቅተኛው ይገዛና በከፍተኛው ይሸጣል። ስለዚህ ዶላር ይዛችሁ ከሄዳችሁ የእናንተ ዋጋ ዝቅ ያለው ነው። ከፍ ባለው አስልታችሁ ከሄዳችሁ መስኮቱ ላይ ትደነግጣላችሁ።

እንበል 400 ዶላር ሰጣችሁ። ሰሌዳው መግዣ 3.64፣ መሸጫ 3.69 ይላል። 400 በ3.64 ሲባዛ 1,456 ድርሃም ይመጣል። ከሥሩ ኮሚሽን 10 ድርሃም፣ በኮሚሽኑ ላይ ደግሞ 5 በመቶ ቫት፣ ማለትም 50 ፊልስ ወይም ግማሽ ድርሃም አለ። መጨረሻ ላይ የሚጻፈው 1,445.50 ነው። እጃችሁ የሚገባው ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደዚህ የሚያደርስ ሂሳብ ነው።

አሁን ወደ ላይ ተመለሱ። ድርሃም ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ1 ዶላር 3.6725 ሆኖ ከዶላር ጋር ታስሯል። እንደ ብር ከፍ ዝቅ አይልም፣ ለሂሳብ ይመቻል። በዚህ ዋጋ 400 ዶላር 1,469 ድርሃም ነው። ስለዚህ ምንዛሪው 23.50 አስከፍሏችኋል። ኮሚሽን ተብሎ በግልጽ የተጻፈው ከነቫቱ 10.50 ብቻ ነው። ቀሪው 13 ድርሃም መግዣው ዋጋ ውስጥ ተደብቋል፣ በስሙ የትም አይጻፍም።

ለዚህ ነው «ኮሚሽን የለም» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ሰው የሚሸውደው። ጎረቤት ያለው መንዛሪ ያለ ኮሚሽን በ3.58 ቢገዛችሁ የምታገኙት 1,432 ነው። ኮሚሽን ከከፈላችሁበት በ13.50 ያንሳል። ለማነጻጸር አንድ ማካፈል ይበቃል፦ የተቀበላችሁትን ለሰጣችሁት ዶላር አካፍሉ። የመጀመሪያው 3.61 ገደማ፣ ሁለተኛው 3.58 ይወጣል። ለ3.6725 የቀረበው ይሻላል።

ዶላሩን ከመስጠታችሁ በፊት «ለ400 ዶላር፣ ሁሉም ተቀናንሶ እጄ ላይ ስንት ይገባል?» በሉ። ካልኩሌተር ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። አንዴ ከተመነዘረ በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ፣ ዶላሩን መልሰው የሚሸጡላችሁ በ3.69 ሊሆን ይችላል። ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ ከሰሌዳው ካነሰም ሳትፈርሙ ጠይቁ፤ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ዋጋ አንዳንዴ ለትልቅ ገንዘብ ብቻ ይሆናል።